የፋሲል ግቢ በምን ይጠገን? የውይይት መድረክ መክፈቻ

እንደምን አረፈዳችሁ? ሻይ ላይ ያላችሁ ግቡልን። በር ላይ የቆማችሁ፣ ከፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ።

አጼ ፋሲል ጎንደርን ዋና ከተማቸው ካደረጉበት እ.ኤ.አ. ከ1636 ወዲህ ግቢው ብዙ አሳልፏል። በ1941 የእንግሊዝ ቦምብ ወርዶበታል። በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የዛሬው ጥያቄያችን ግን አንድ ነው፦ ሲጠገን በምን ይጠገን? ማንስ ይወስን?

የተወያዮቻችንን ማዕረግ ብዘረዝር ሰዓቱ በዚያው ያልቃል። ስማቸው ፊታቸው ካርድ ላይ ተጽፏል። እኔ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዣለሁ። ቅደም ተከተሉም በተቀመጡበት ነው፤ በማዕረግ አይደለም። ጭብጨባውን ለመጨረሻ አቆዩልን።

ከግራዬ ያሉት አርክቴክት የግቢውን ስንጥቆች አንድ በአንድ እየለኩ፣ የቱ እንደቆመና የቱ እየሰፋ እንደሄደ መዝግበው የያዙ ናቸው።

ቀጥሎ ያሉት ጋሼ ከአባታቸው በተማሩት የኖራ ሙያ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ከድንጋይ ሲያስማሙ የኖሩ ግንበኛ ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ጋሼ በመሐረብ ጠቅልለው ያመጧቸውን ሁለት ቁራጮች እዩልኝ። ነጩ ኖራ ነው። ግራጫው ከአሮጌ ጥገና የተፈለቀ ሲሚንቶ ነው። ቅድም ገልብጬ ሳየው የድንጋዩ ፊት ተልጦ ሲሚንቶው ላይ ተጣብቋል። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያስቀረዋል፣ ድንጋዩም ይላጣል። አንጀቴን ነው የበላኝ። ለእሳቸው አዳልቼ እንዳይመስላችሁ፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ቁራጭ ላይ ስለሆነ ነው።

መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ጣሪያ ሥዕል ሊቅ ናቸው፤ ጣሪያው ሲያፈስ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ምን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚነግረን የለም።

ወንድማችን አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ «ይኼ ለምን ተዘጋ?» ብሎ ሲጠይቅ በየቀኑ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

ከቅርስ ጥበቃ የመጡት ባለሙያ ፈቃዱና በጀቱ እንዴት እንደሚያልፍ ያውቃሉ፤ ወቀሳ እንደሚኖር እያወቁም ጥሪያችንን ሳያንገራግሩ ተቀብለዋል።

መጨረሻ ያሉት እትዬ ከአጥሩ ሥር ቡና እያፈሉ ልጆች ያሳደጉ ናቸው፤ ጥገና በተጀመረ ቁጥር አቧራውም የገበያው መቀዝቀዝም መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ደጅ ነው።

አሁን አጨብጭቡላቸው!

ለእያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ አለ። አራት ሲሞላ ቢጫ ካርድ አሳያለሁ፤ ለማንም አልጨምርም። እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ነዋሪው መጨረሻ ይናገራል፣ ያኔ ደግሞ ሰው ለምሳ ተነሥቷል። ዛሬ ከዚያ ጫፍ እንጀምራለን።

እትዬ፣ ማይኩን ይቀበሉኝ። አጥሩ ለእርስዎ ምንዎ ነው?