ስለ ብድሩ ቀሪ ገንዘብ

ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ጉዳይ በስልክ ከማንሳት ይልቅ በጽሑፍ መላክን የመረጥኩት፣ በስልክ ስንገናኝ ወሬ ወሬን እያነሳው ዋናውን ነገር ሳንነካው ስለምንለያይ፣ ብንነካውም አንዳችን በሥራ መካከል ስለምንሆን ነው። በጽሑፍ ሲሆን አንተም ረጋ ብለህ ታነበዋለህ፤ አስበህበት ለመመለስም ጊዜ ታገኛለህ።

የምጽፍልህ ባለፈው ጥቅምት ስላበደርኩህ ገንዘብ ነው። ሁለታችንም በአንድ ዓይነት እንድናስታውሰው ሒሳቡን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። ጥቅምት 12 ቀን ለሱቅህ የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ የሚሆን 90 ሺህ ብር በባንክ አስተላልፌልሃለሁ። በዚያን ጊዜ የተስማማነው ግማሹን፣ ማለትም 45 ሺህ ብሩን፣ እስከ ጥር 30፣ የቀረውን ደግሞ እስከ መጋቢት 30 እንድትመልስ ነበር። የካቲት 8 ቀን 15 ሺህ ብር አስገብተህልኛል፤ ለዚያም በወቅቱ አመስግኜሃለሁ። ከዚያ ወዲህ የገባ ክፍያ ስለሌለ በአሁኑ ሰዓት የሚቀረው 75 ሺህ ብር ነው። በአንተ በኩል ያለው መዝገብ ከዚህ የሚለይ ከሆነ፣ ወይም ሳላየው ያለፈ ገቢ ካለ፣ ማረጋገጫውን ላክልኝና ወዲያውኑ አስተካክላለሁ።

ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ሦስት ጊዜ ያህል ተነጋግረናል። በመጀመሪያው ዕቃ በዱቤ የወሰደ ደንበኛህ እንዳልከፈለህ ነገርከኝ፤ የነጋዴ ገንዘብ ሰው እጅ ላይ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ስለምረዳ ጊዜ ይሁንልህ አልኩ። በሁለተኛው «በሚቀጥለው ሳምንት ሳላስገባልህ አላድርም» ብለህ በስልኬ ጽፈህልኛል። ሳምንቱ አለፈ፤ ሌላም ሳምንት ተከተለው። በሦስተኛው፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ስደውልልህ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ አልክ፤ እስከ ዛሬ ግን አልደወልክም። እውነቱን ልንገርህና፣ ከገንዘቡ መዘግየት ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ የመጨረሻው ዝምታ ነው። «አሁን የለኝም» የሚል አጭር መልስ ቢደርሰኝ ኖሮ የራሴን ነገር በዚያው ልክ አስተካክል ነበር፤ መልስ ሲጠፋ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ከመጠበቅ በቀር የማደርገው ነገር አይኖረኝም።

እጅ እንዳጠረህና ገበያው እንደቀዘቀዘብህ እገምታለሁ። ሆን ብለህ እኔን ለመጉዳት ታደርገዋለህ ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ምን ገዛህ፣ የት ዋልክ፣ ገንዘብህን በምን ላይ አዋልክ እያልኩ የቤትህን ወጪ የምመረምርም ሰው አይደለሁም፤ ያ የእኔ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጉዳይ የተበደርከው ገንዘብ መቼና እንዴት እንደሚመለስ ማወቅ ብቻ ነው። ይሉኝታ ይዞኝ እስከ ዛሬ አፍ አውጥቼ ባልጠይቅህም፣ ገንዘቡ በስጦታ የተሰጠ ሳይሆን በብድር የተሰጠ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

የኔንም ሁኔታ ልንገርህ። ያበደርኩህ ገንዘብ ከትርፍ ላይ የተነሣ ሳይሆን ለልጆቹ ትምህርት ቤት ከወር ወር እየቆጠብን ያስቀመጥነው ነው። የምዝገባና የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ክፍያ በነሐሴ መጨረሻ መጠናቀቅ አለበት። በመጋቢት ይመለሳል ብዬ ያቀድኩት ስላልተመለሰ፣ ሌላውን ወጪ ሁሉ ከወዲህ ወዲያ እያሸጋሸግኩ እዚህ ደርሻለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን የማሸጋሽገው የለኝም። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ ፈልጌ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የማስቀምጣቸው ቀኖች ከየት እንደመጡ እንድታውቅ ነው።

ስለዚህ የምጠይቅህ ይህ ነው። አቅምህ ከፈቀደ 75 ሺህ ብሩን በሙሉ እስከ ሐምሌ 15 ቀን እንድታስገባልኝ እፈልጋለሁ። በአንድ ጊዜ የሚከብድህ ከሆነ ግን በሦስት ከፍለን፣ 25 ሺህ ብር ሐምሌ 5፣ ሌላ 25 ሺህ ብር ነሐሴ 5፣ የመጨረሻውን 25 ሺህ ብር ደግሞ መስከረም 15 ቀን ልትከፍል ትችላለህ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከገቡልኝ የትምህርት ቤቱን ነገር እወጣዋለሁ፤ ሦስተኛው ትንሽ ቢቆይ አይጎዳኝም። ወለድም ሆነ ለዘገየው ጊዜ ተጨማሪ ነገር አልጠይቅህም፤ ይህ ከመጀመሪያውም በመካከላችን አልነበረም፣ አሁንም አይኖርም። ሁለቱም መንገዶች የማይሆኑልህ ከሆነ፣ አንተ ራስህ የምትችለውን መጠንና ቀን ጻፍልኝ። አነስተኛ ሆኖ በቀኑ የሚገባ ክፍያ፣ ትልቅ ሆኖ ከሚዘገይ ተስፋ ይሻለኛልና የምትጽፈው ቀን በእርግጥ የምትደርስበት ይሁን።

መልስህን እስከ ሰኔ 20 ቀን በጽሑፍ እንድትልክልኝ አደራ እላለሁ። ገንዘቡን በዚያ ቀን አምጣ እያልኩህ አይደለም፤ ከሦስቱ የትኛውን እንደመረጥክ ብቻ እንድትነግረኝ ነው። እስከዚያ ቀን ምንም ካልሰማሁ ራሴ ሱቅህ ድረስ እመጣና ፊት ለፊት ተቀምጠን እንጨርሰዋለን። ያኔም ካልተግባባን፣ ብድሩን ስንነጋገር አብሮን የነበረው የጋራ ወዳጃችን በመካከላችን እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ ነገሩን ለእሱም ሆነ ለሌላ ለማንም አላነሳሁም፤ ባለቤቴም የምታውቀው ገንዘቡ አንተ ዘንድ መሆኑን ብቻ ነው። ስምህ በሰው አፍ እንዲገባ አልፈልግም፤ ለዚህም ነው ሦስተኛ ሰው ሳይገባበት አስቀድሜ ለአንተ ለብቻህ የምጽፈው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፉት ወራት በየምክንያቱ ስንሰባሰብ አንተ እየቀረህ ነው፤ በዚህ ገንዘብ የተነሣ ፊቴን ማየት ከብዶህ ከሆነ እባክህ እንደዚያ አታድርግ። ዕዳው ባይከፈልም እንኳ ሰላምታችን ሊቋረጥ አይገባም፤ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ደጄ ላይ የሒሳብ መዝገብ ይዤ አልጠብቅህም። በጓደኝነታችን ምክንያት ግን ዕዳው ይረሳል ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ለየብቻቸው መያዝ እንችላለን ብዬ አምናለሁ።

ክፍያውን የካቲት ላይ ባስገባህበት በዚያው የባንክ ሒሳቤ ላይ አስገባው፤ ቁጥሩ አልተለወጠም። ስታስተላልፍ በምክንያቱ ቦታ ላይ «የብድር ክፍያ» ብለህ ጻፍ፤ ማረጋገጫውንም በስልኬ ላክልኝ። እኔም ገንዘቡ እንደገባ የተከፈለውንና የሚቀረውን መጠን ጽፌ እመልስልሃለሁ፤ የመጨረሻው ሲጠናቀቅ ደግሞ ብድሩ ሙሉ በሙሉ መከፈሉን የሚገልጽ ጽሑፍ ፈርሜ እሰጥሃለሁ። ይህ መልእክት ሳይደርስህ በፊት ክፍያ ልከህ ከሆነ፣ የላክኸውን መጠንና ቀኑን ብቻ አሳውቀኝ።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። መልስህን እጠብቃለሁ።

አክባሪ ወንድምህ