የአሥር ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት፦ የሥራ ዕቅድ ረቂቅ

1. ሥራው ምንድን ነው

የሰው ቤት ተረክበን እናስተዳድራለን። ተከራይ እንፈልጋለን፣ ውል እናዋውላለን፣ ኪራይ እንሰበስባለን፣ ጥገና እናሠራለን። በየወሩም ለባለቤቱ ሒሳቡን በጽሑፍ እናቀርባለን። ቤት አንገዛም፣ አንሸጥም። የምንጀምረው በአሥር ቤቶች ነው፦ ስድስቱ አንድ ሕንፃ ላይ ያሉ የአንድ ባለቤት ናቸው፣ ሁለቱ የአክስቴ፣ ሁለቱ ደግሞ ውጭ አገር የሚኖሩ ባልና ሚስት ቤቶች ናቸው።

2. ማን ይሠራዋል

ሁለት ነን። እኔ የአክስቴን ቤቶች ሦስት ዓመት አስተዳድሬያለሁ፤ ተከራይና ጥገና የኔ ድርሻ ነው። ባልደረባዬ የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ገንዘቡን እሷ ትይዛለች። እሷ በመጀመሪያው ዓመት ቋሚ ሥራዋን አትለቅም። ለምን እንደሆነ ቁጥር 5 ላይ ይታያል።

3. የሰው ገንዘብ

ከዕቅዱ ሁሉ አጥብቀን የምንይዘው ይህን ነው። የምንሰበስበው ኪራይ የኛ አይደለም። የተከራይ መያዣም የኛ አይደለም። ስለዚህ ሁለት የባንክ ሒሳብ እንከፍታለን፤ አንዱ የደንበኞች ገንዘብ ብቻ የሚገባበት፣ ሌላው የድርጅቱ። ከደንበኞች ሒሳብ ወደኛ የሚተላለፈው ውሉ የሚፈቅደው የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ነው፤ እሱም በወር አንዴ፣ በሁለት ፊርማ። «ለዛሬ ከዚህ እንውሰድና ነገ እንተካለን» የሚባል ነገር የለም። ብዙ የአስተዳደር ድርጅት ስሙ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለሌላ ሰው ኪራይ መሰብሰብ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ፈቃዱ እጃችን ሳይገባ አንድም ቤት አንረከብም።

4. አሠራር

ርክክብ፦ ተከራይ ሲገባና ሲወጣ ክፍል በክፍል ፎቶ እናነሳለን። የቆጣሪ ንባብ እንመዘግባለን። ሁለቱም ወገን ይፈርማል። በመያዣ ላይ የሚነሳ ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣው ይህ ሳይደረግ ሲቀር ነው።

ቁልፍ፦ ቁልፉ ላይ ቁጥር እንጂ አድራሻ አይጻፍም። ቢጠፋ ያገኘው ሰው የየትኛው ቤት እንደሆነ አያውቅም።

ጥገና፦ አንድ ጊዜ ተከራይ የማድ ቤቱ ቧንቧ እንደሚንጠባጠብ በስልክ ነገረችኝ። ሳልጽፈው ረሳሁት። ከሁለት ወር በኋላ ሄጄ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ስከፍት፣ ወለሉ ጣውላ አብጦ በጣት ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። በአንድ ጎሚኒ ያልቅ የነበረው ነገር ሙሉ ቁም ሣጥን አስለወጠ። ከዚያ ወዲህ በቃል የሚቀር ጥያቄ የለም። እያንዳንዱ ጥያቄ ቀን ተጽፎበት ይመዘገባል። ውኃ ወይም ኤሌክትሪክ ከሆነ በዚያው ቀን፣ ሌላው በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል። ከአንድ ወር ኪራይ ሩብ በታች የሚፈጅ ጥገና ሳንጠይቅ እናሠራለን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ባለቤቱ በጽሑፍ ይፈቅዳል። ከቧንቧ ሠራተኛም ሆነ ከኤሌክትሪሺያን ኮሚሽን አንቀበልም። ደረሰኙ እንዳለ ለባለቤቱ ይላካል።

5. ገቢና ወጪ

ለስሌት እንዲመች የአንድ ቤት የወር ኪራይ 100 ነው እንበል። የአገልግሎት ክፍያችን ከተሰበሰበ ኪራይ 10 በመቶ ነው። ካልተሰበሰበ እኛም አናገኝም፤ ይህ ባለቤቱን ያስተማምናል፣ እኛንም ያተጋናል።

አሥር ቤት በዓመት 120 የኪራይ ወራት ነው። 8ቱ ባዶ ያልፋሉ ብለን 112 ይዘናል። ስብስቡ 11,200፣ የኛ ድርሻ 1,120 ይሆናል። አዲስ ተከራይ ስናስገባ የግማሽ ወር ኪራይ እንወስዳለን፤ አራት ጊዜ ቢሆን 200። ጠቅላላ ገቢ 1,320።

ወጪው፦ ትራንስፖርት 240፣ የውጭ ኦዲተር 180፣ ኢንሹራንስ 150፣ ስልክና ሶፍትዌር 120፣ ማስታወቂያ 60፣ ልዩ ልዩ 50። ድምር 800።

የሚተርፈው 520 ነው። የአንድ ቤት የአምስት ወር ኪራይ ገደማ ማለት ነው። ይህ ለሁለት ሰው ደመወዝ አይሆንም፣ ለአንድም አይበቃም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ አንወስድም፤ ትርፉ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። ቢሮም አንከራይም። 25 ቤት ስንደርስ በዚሁ ስሌት ገቢው 3,300 ይሆናል፤ ወጪው 1,500 ቢደርስ እንኳ 1,800 ይተርፋል። ያኔ አንድ ሰው ሙሉ ጊዜውን ሊሠራበት ይችላል።

6. ትልቁ ስጋት

ስድስቱ ቤቶች የአንድ ሰው መሆናቸው። እሱ ከሄደ ከገቢያችን ከግማሽ በላይ አብሮ ይሄዳል። ከሱ ጋር የሁለት ዓመት ውል፣ ለማቋረጥም የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ እንጠይቃለን። ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓመትና 30 ቀን ይበቃል። በስድስት ወር ውስጥ ከሌሎች ባለቤቶች ቢያንስ አራት ቤት መጨመር አለብን።

7. ደንበኛ ከየት ይመጣል

አንድ ወይም ሁለት ቤት ኖሯቸው ጊዜ ካጡ ሰዎች፣ በተለይ ርቀው ከሚኖሩ። ማስታወቂያችን የወር ሪፖርታችን ነው፦ አንድ ገጽ፣ የገባው፣ የወጣው፣ የተላከው፣ ከደረሰኝ ፎቶ ጋር፣ ወር በገባ በ5ኛው ቀን።

8. ባይሳካ

በ12ኛው ወር ቤቶቹ ከአሥር ካላለፉ ሥራውን እንዘጋለን። መያዣዎች በሙሉ ለባለቤቶቹ ይተላለፋሉ፣ ተከራዮችም በጽሑፍ ይነገራቸዋል። ቁልፎቹና የርክክብ ፎቶዎቹ በፊርማ ይመለሳሉ።