ስለተንቀጠቀጡት ቀረጻዎች፦ በኤዲቲንግ የሚስተካከለውና የማይስተካከለው

ውድ ሙሽሮች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የሙሽራው ወንድም በእጁ ይዞ የቀረጻቸውን ቪዲዮዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየኋቸው። «መንቀጥቀጡን በኤዲቲንግ አጥፋውና ዋናው ፊልም ውስጥ አስገባልን» ብላችሁኛል። ከፊሉ ይሆናል፣ ከፊሉ አይሆንም። ፊልሙ ሲደርሳችሁ ቅር እንዳትሰኙ ምክንያቱን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ሙሽሪት ከመኪና ወርዳ እስከ አዳራሹ በር የሄደችበት ቀረጻ ይስተካከላል። ሶፍትዌሩ ምስሉ በየት በኩል እንደዘለለ እየተከታተለ ወደ ተቃራኒው ይመልሰዋል። ሲመልሰው ጠርዙ ላይ ባዶ ቦታ ይከፈታል። ያንን ለመሸፈን ምስሉን ትንሽ አጉልቶ ዳር ዳሩን መቁረጥ ግድ ነው። ደግነቱ ይሄ ቀረጻ 4ኬ ነው፣ 3840 በ2160 ፒክስል። ፊልማችሁ የሚወጣው በ1920 በ1080 ስለሆነ የምንቆርጠው ትርፍ አለን፤ ጥራቱ አይጎዳም። በግራ ጥግ የቆመችው ሚዜ ግን ከፍሬሙ መውጣቷ ነው። ሌላ ቦታ በደንብ ስላለች አትቀየመኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቀለበቱ ላይ እንዲህ አይቀናንም። ዙም አድርጎ ነው የቀረጸው። ዙም ሲደረግ ደግሞ ትንሿ የእጅ ንቅናቄ ሳትቀር ትጎላለች። እጆቻችሁ ፍሬሙን ሙሉ በሙሉ ስለያዙት ዳሩን ልቁረጥ ብል ጣቶቻችሁን መቁረጤ ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ጣት ላይ ሲገባ ያለችውን ረጋ ያለች ቅጽበት ብቻ ወስጄ፣ ቀሪውን ትራይፖድ ላይ ከነበረው ካሜራዬ አስገባለሁ።

ዋናው ችግር ጭፈራው ነው። መብራቱ ደብዝዞ ስለነበር ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን ሲሰበስብ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቷል። እጅ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ራሱ ብዥ ብሎ ይቀረጻል። ቪዲዮውን የትም ቦታ አቁማችሁ እዩት። ከኋላ ያሉት አምፖሎች ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ መስመር ሆነዋል። የሙሽራው አፍንጫ ሁለት ጠርዝ አለው። ሶፍትዌሩ አንዱን ምስል ከሚቀጥለው ጋር ያስተካክላል እንጂ በምስሉ ውስጥ ያለውን ብዥታ አያወጣም። እንዲያውም መንቀጥቀጡ ሲጠፋ ብዥታው ያፈጥጣል። ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፊታችሁ ብቻ ጠራ፣ ደበዘዘ፣ ጠራ፣ ደበዘዘ ይላል። ሞክሬው አይቻለሁ፤ ያስጠላል። «ሹል አድርገው» ብትሉኝም ሹል የሚሆነው ብዥታው ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ጨፋሪዎቹ ካሜራውን ሲጋርዱ ሶፍትዌሩ የትኛው ቋሚ፣ የትኛው ተንቀሳቃሽ እንደሆነ ይምታታበታል። ሰውዬውን ሊያረጋጋ ሲል ግድግዳውን ያወዛውዘዋል። በኃይል ከተጫንኩት ደግሞ ሰርጉ ጀልባ ላይ የተደረገ ይመስላል።

ስሎው ሞሽን ይሻል እንደሆነም ጠይቃችሁ ነበር። ቀረጻው በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ብቀንሰው እያንዳንዱ ፍሬም ሁለቴ ስለሚታይ እየተቆራረጠ ይሄዳል። በ50 ተቀርጾ ቢሆን ኖሮ ያምር ነበር።

የእኔ ሐሳብ ጭፈራውን እንዳናረጋጋው ነው። ከዘፈኑ ምት ጋር እያስኬድኩ፣ በራሴ ቀረጻ መሀል መሀል አንድ ሁለት ሰከንድ እየቆነጠርኩ አስገባዋለሁ። በጭፈራ ላይ ትንሽ መወዛወዝ ሞቅታ ይሰጣል፤ ሲረዝም ነው ራስ የሚያዞረው።

የሙሽሪት አባት ንግግር አያሳስባችሁ። ምስሉ ቢንቀጠቀጥም ወንድማችሁ ቅርብ ስለነበር ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ያንን ድምፅ ከእኔ ካሜራ ምስል ጋር አጣጥሜ አስቀምጣለሁ።

የእናንተን ውሳኔ የምፈልገው አንድ ቦታ ላይ ነው። አያት ሙሽሪትን አቅፈው የሚያለቅሱበት ቀረጻ ብዥ ያለ ነው፣ ፎከሱም ከኋላ ያለው መጋረጃ ላይ ነው ያረፈው። ፎከስ ከሳተ በኋላ የሚመልሰው ኤዲቲንግ የለም። የእኔ ካሜራዎች በዚያ ሰዓት መድረኩ ላይ ስለነበሩ ምትክ የለውም። እኔ ብሆን እንዳለ አስገባዋለሁ። ማንም ሰው እዚያ ጋ ስለ ጥራት አያስብም። ግን አያታችሁ ናቸውና እናንተ ወስኑ።

በመጨረሻ፣ በቴሌግራም የላካችሁልኝ ቪዲዮዎች ተጨምቀው ነው የደረሱኝ። የተጨመቀ ቪዲዮ ሲጎላ ወዲያው ይፈረካከሳል። ዋናዎቹን በፍላሽ ስጡኝ፤ ካልተመቻችሁ እዚያው ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩልኝ። ወንድማችሁ ከስልኩ ወይም ከካሜራው እንዳያጠፋቸው አደራ። የቀለም ሥራውን ሰኞ ስለምጀምር እስከ እሁድ ማታ ቢደርሱኝ ጥሩ ነው። የአያትን ነገርም አብራችሁ አሳውቁኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰርጋችሁ ቪዲዮ ባለሙያ