የቅዳሜ ጠዋት የኔትቦል ልምምድ ዕቅድ፦ ከ12 ዓመት በታች፣ ደሴ

ጊዜ፦ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ፣ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 4:00
ቦታ፦ የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ሜዳ
ልጆች፦ 18 (11 ሴቶች፣ 7 ወንዶች)፣ ከ8 እስከ 11 ዓመት
አሠልጣኞች፦ እኔና ሁለቱ ረዳቶች
ዕቃ፦ 5 ባለ 4 ቁጥር የኔትቦል ኳስ፣ 4 ቀላል የመረብ ኳስ፣ ጠመኔ፣ አሸዋ የተሞሉ 12 ሃይላንዶች፣ ከሰኞ ገበያ የገዛነው ብጣሽ ጨርቅ፣ ፊሽካ

የዛሬው ዓላማ አንድ ነው። ልጁ ኳስ ይቀበላል፣ ይቆማል፣ ያቀብላል። ሌላው ሁሉ ይቆይ።

ሁለታችሁም ይህን ያዙልኝ። ማንም ልጅ ተሰልፎ ተራ አይጠብቅም። ሰልፍ ውስጥ የቆመ የ8 ዓመት ልጅ ጠጠር መልቀም ይጀምራል፣ ቀጥሎ የጓደኛውን ጫማ ይረግጣል። ጥፋቱ የሰልፉ ነው፣ ልጁን አትቆጡት። ማብራሪያ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥ። አሳዩ፣ ከዚያ ልቀቋቸው።

ልጆቹን ለመሰብሰብ በፊሽካ ፋንታ «አኩኩሉ!» እላለሁ። እነሱ ኳሱን መሬት አስቀምጠው ቁጢጥ ይሉና «አልነጋም!» ይላሉ። የምናገረውን ተናግሬ «ነጋ!» ስል ይነሳሉ። ፊሽካው ለጨዋታው ብቻ ነው።

ከ3:00 በፊት

ሜዳውን ጥረጉ። በቀለበቱ ሥር ያለው ኮረት ያንሸራትታል። ጆሮ ጌጥና አምባር ይወልቃል፣ ጥፍር ይታያል፣ የሻርፕ ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባል። ቱታና ሹራብ እስኪሞቃቸው አይወልቅ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ የጠዋቱም ብርድ ቀላል አይደለም። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ሁለት ልጆች ከዝቅተኛ ቦታ ወጥተው ነውና ቶሎ ያለከልካሉ። ስለዚህ ሩጫው ሁሉ አጭር አጭር ነው።

3:00–3:08 የጅራት አባሮሽ

ቀድሞ የመጣ ልጅ ኳስ ይዞ ይጫወት፣ ቆሞ አይጠብቅ። ሲሟሉ ሁሉም ብጣሽ ጨርቅ ወገቡ ላይ እንደ ጅራት ይሰካል። የሰው ጅራት እየነጠቁ የራስን ማዳን ነው። አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ሦስት ዙር። ጅራቱ የተነጠቀ አይወጣም፣ ከእኛ ሌላ ወስዶ ይመለሳል። አራቱ ፈጣኖች ሁለት ሁለት ጅራት ይሰኩ። ማንም ሳያስረዳቸው ጨዋታው ይከብዳቸዋል።

3:08–3:21 ሰኞ ማክሰኞ

የዛሬው ዋና ሥራ ይህ ነው። በኔትቦል ኳስ ይዞ መሮጥም ማንጠርም የለም። ኳሱን ስትይዝ መጀመሪያ ያረፈው እግር ባለበት ይቀራል። በሌላው መራመድና መዞር ትችላለህ። ያረፈውን ካነሳኸው ሳታወርደው ኳሱን መልቀቅ አለብህ። ይህን ለልጅ በቃል ብናስረዳው ይፈዛል። ሰኞ ማክሰኞ ግን ሁሉም ይችላል፤ በአንድ እግር አርፎ ሚዛን መጠበቅን ከሰፈሩ ይዞት መጥቷል።

በጠመኔ ዘጠኝ ቦታ አጫጭር ሰኞ ማክሰኞ እንሥላለን፣ ለሁለት ልጅ አንድ። አንዱ በሣጥኖቹ እየዘለለ ይመጣል። ጓደኛው መጨረሻው ሣጥን ላይ ኳሱን ያቀብለዋል። ተቀባዩ በአንድ እግር አርፎ «ችካል!» ብሎ ይጮሃል። ያ እግር ተቸክሏል። በሌላው እግር ዞሮ ኳሱን ይመልሳል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ።

የማየው ጉልበትን ነው። ጉልበቱን ሳያጥፍ ድርቅ ብሎ የሚያርፍ ልጅ ወደፊት ይደፋል፣ ሁለተኛ እርምጃም ይሰርቃል። «ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ» በሉት፣ ወዲያው ይገባዋል። ለጀማሪዎቹ ኳሱን አትወርውሩ፣ እጃቸው ላይ አስቀምጡላቸው። መሀለኞቹ ከሁለት ሜትር ይቀበሉ። አራቱ ፈጣኖች አየር ላይ ሳሉ ይያዙና ወዴት እንደሚያቀብሉ እኔ በእጄ ላመልክታቸው።

3:21–3:31 ማቀበል

እዚህ ጥንዶቹ በችሎታ ይመሳሰሉ። ብዙ አሠልጣኝ ጎበዙን ከደካማው ጋር ማጣመር ይወዳል። እኔ ለልምምድ አልወደውም። ጎበዙ ይሰለቻል፣ ደካማው ይሸማቀቃል። በጨዋታው ላይ ግን ይቀላቀላሉ።

የደረት ቅብብል አራት ደቂቃ፣ በመሬት የሚነጥር ቅብብል አራት ደቂቃ። አሥር ጊዜ ሳይወድቅ የተቀባበለ ጥንድ አንድ እርምጃ ይራራቅ። በቀሩት ሁለት ደቂቃዎች ኳስ ያለው ጮክ ብሎ እስከ ሦስት ይቆጥርና ያቀብላል። በሕጉ ኳስ ከሦስት ሰከንድ በላይ አይያዝምና ጆሯቸው ይልመደው።

ኳስ ሲመጣ ዓይኗን የምትጨፍነው ልጅ ጋ ረዳቴ ትሂድ። መጀመሪያ የተጠቀለለ ሻርፕ ትወርውርላት፣ ቀጥሎ ቀላሉን ኳስ አንጥራ ትስጣት። «አትፍሪ» ማለት ፋይዳ የለውም። «ኳሱ ላይ ምን ቀለም አለ?» ብላ ትጠይቃት፣ ለመመለስ ስትል ታያለች። ጣቶቿ ይከፈቱ፣ አውራ ጣቶቿ ይቀራረቡ። ከወደቀባት «አብሽሪ!» ብላችሁ ወዲያው ሌላ ኳስ።

3:31–3:34 ውኃ። ቁጭ ብለው ይጠጡ።

3:34–3:42 ወደ ቀለበት

የኔትቦል ቀለበት ከፍታ 3.05 ሜትር ነው፣ የቅርጫት ኳሱም ያው። ልዩነቱ የኔትቦሉ ከኋላው ሰሌዳ የለውም። ለእነዚህ ልጆች ባህር ዛፍ ላይ ያሠራናቸውን 2.40 ሜትር ሁለት ቀለበቶች እንጠቀማለን። ሦስተኛው ቦታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተሣለ ክብ ነው። በየቦታው ስድስት ልጅና ሦስት ኳስ፣ አንዱ ሲወረውር ጓደኛው ያነሳል። ቀለበቱን የነካ አንድ ነጥብ፣ የገባ ሁለት። የነካም ነጥብ ስላለው ጀማሪም ባዶ አይወጣም። ፈጣኖቹ አንድ እርምጃ ወደኋላ።

3:42–3:56 ጨዋታ

ሙሉ ቡድን ሰባት ነው፣ ሰባቱም የየራሳቸው ክልል አላቸው። ዛሬ አናነሳውም። ሜዳውን ለሁለት ከፍለን በየግማሹ አራት ለአራት ይጫወታሉ፣ በአንድ ቀለበት። ኳስ የነጠቀ ቡድን መጀመሪያ ወደ መሀል መስመር ያወጣዋል። በየቡድኑ አንድ ፈጣን ይኑር።

ሦስት ደቂቃ፣ አራት ጊዜ። የተረፉት ሁለቱ ፊሽካ ይዘው ይዳኛሉ፣ በየዙሩ ይቀየራሉ። ጠብ የሚወዱትን ሁለቱን በመጀመሪያው ዙር ዳኛ አድርጉ። ሕጉን ራሳቸው ሲያስከብሩ ይረጋጋሉ።

ሕጎቹ አራት ብቻ፦ የተቸከለ እግር አይራመድም። ጀማሪ እስከ አምስት፣ ሌላው እስከ ሦስት ይቆጠርለታል። ተከላካይ ኳስ ከያዘው አንድ ረጅም እርምጃ ይርቃል፤ የአዋቂው ሕግ 0.9 ሜትር ይላል። ከመወርወር በፊት ሦስት ልጅ ኳሱን ይንካ።

አንዱ ቡድን በሰፊው ከመራ ጨዋታውን አታቁሙ። ለመሪው «አራታችሁም ካልነካችሁት አይቆጠርም» በሉ፣ ይበቃል።

3:56–4:00 መጨረሻ

በቀስታ አንድ ዙር ይራመዱ፣ ሹራብ ይልበሱ፣ ሙዝና ቆሎ ይበሉ። እያንዳንዱ ልጅ ጥሩ ኳስ ያቀበለውን ጓደኛውን በጣቱ ያሳይ። ማንም ያልጠቆመውን ልጅ እኔ እጠቁመዋለሁ፣ ስለዚህ ሁለታችሁም በጨዋታው ጊዜ አንድ አንድ ነገር ያዙልኝ።

ዝናብ ከመጣ በረንዳው ሥር ሰኞ ማክሰኞና ቅብብል ብቻ፤ እርጥብ ሜዳ ላይ አንዘልም። ጣቱን የተመታ ልጅ ካለ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ይያዝለት፣ ጣቱን ማንም አይጎትት፣ ወላጅ ሲመጣም ይነገር። ሊወስደው የሚመጣ ሰው ሳይደርስ ልጅ ከበር አይወጣም። ስትጨርሱ ኳሶቹን ቁጠሩ፣ ዘጠኝ ናቸው።