የዋስትና ጊዜው ያላለፈ የኮምፒውተር ኪቦርድ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኮምፒውተርና መለዋወጫ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥር 004718 ከመደብራችሁ የገዛሁት፣ የመለያ ቁጥሩ 20481736 የሆነ ባለገመድ ሜካኒካል ኪቦርድ በገዛሁት በስምንተኛው ቀን እክል ማሳየት ጀምሮ አሁን ለሥራ የማይሆን ደረጃ ላይ ስለደረሰ፣ ከዕቃው ጋር በተሰጠኝ የዋስትና ካርድ መሠረት በአዲስ እንዲቀየርልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የምተዳደረው በጽሕፈት ሥራ ነው። ውል፣ ውክልና፣ ማመልከቻና የፍርድ ቤት አቤቱታ ስተይብ በቀን ከስድስት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ኪቦርድ ላይ አሳልፋለሁ። ይህንኑ ለሽያጭ ሠራተኛችሁ ነግሬው፣ ከተራው የጎማ ኪቦርድ ይልቅ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ሜካኒካል ኪቦርድ ለብዙ ትየባ እንደሚሻል አስረድቶኝ በምክሩ ገዛሁ። ምክሩ ስህተት ነበር አልልም፤ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቀናት በደስታ ሠርቼበታለሁ። እንከኑ ያለው በዓይነቱ ላይ ሳይሆን ለእኔ በደረሰኝ በዚህ አንድ ዕቃ ላይ ነው።

እክሉ የታየው ጥቅምት 13 ቀን ሲሆን የጀመረው በ«A» ቁልፍ ነው። ቁልፉ እንደ ሌሎቹ ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ድምፁም ያው ነው፤ ፊደሉ ግን አንዳንዴ ስክሪኑ ላይ አይወጣም። በማግሥቱ «M» በተቃራኒው አንድ ጊዜ ሲነካ ሁለት ጊዜ መጻፍ ጀመረ። ሦስተኛው እክል በክፍተት መስጫው ረጅም ቁልፍ ላይ ያለ ነው፤ በቀኝ በኩል ሲጫኑት ይሠራል፣ በግራ ጫፉ ሲጫኑት ግን ወርዶ ይቀርና በጣት ካላነሱት አይመለስም። ይህ የመጨረሻው ለብቻው ቢሆን ኖሮ ታግሼው ነበር፤ በቀኝ አውራ ጣት መሥራት ይለመዳል።

የሁለቱን ፊደላት ሁኔታ በግምት እንዳልናገር ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከፍቼ፣ በአንድ ጭነትና በሌላው መካከል በቂ ጊዜ እየሰጠሁ እያንዳንዳቸውን መቶ መቶ ጊዜ ተጫንኩ። ከ«A» መቶ ጭነት የተጻፈው 71 ብቻ ሲሆን፣ ከ«M» መቶ ጭነት ደግሞ 118 ፊደል ወጣ። ለማነጻጸር «S» እና «N»ን በተመሳሳይ መንገድ ስሞክር ሁለቱም ልክ መቶ መቶ ጻፉ።

አማርኛ ለማይጽፍ ሰው አንድ ፊደል መዝለሉ ቀላል የፊደል ግድፈት ሊመስል ይችላል። እኔ የምጽፈው ግን በድምፅ አጻጻፍ ስልት በመሆኑ «A» ራሱን የቻለ ፊደል ብቻ ሳይሆን ከየተነባቢው ቀጥሎ ገብቶ ራብዑን የሚሰጥ ቁልፍ ነው። እሱ ሲዘለል ራብዑ ወደ ሳድስ ይወርድና ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። «ሰላም» ብዬ የጻፍኩት «ሰልም» ሆኖ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ባዘጋጀሁት አንድ የውርስ ማመልከቻ ላይ «የሟች ባል» የሚለው «የሟች ብል» ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በሌላ ገጽ ላይ ደግሞ «ዳኛ» ከነማዕረጉ «ድኝ» ሆኗል። ደንበኛዬ ሳያየው በእርማት ባልደርስበት ኖሮ የሚከተለውን እርስዎም አያጡትም። እነዚህን ቃላት የማነሳው ለቀልድ አይደለም፤ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም «ብል» እና «ድኝ» ትክክለኛ ቃላት በመሆናቸው አያሰምርባቸውም፤ በመሆኑም እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ በዓይኔ እንዳነብ ተገድጃለሁ።

ጥፋቱ የኪቦርዱ መሆኑን ሳላረጋግጥ ላስቸግራችሁ ስላልፈለግሁ በበኩሌ የቻልኩትን ሁሉ ሞክሬአለሁ። በመጀመሪያ የዩኤስቢ መሰኪያውን ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ነቅዬ በስተኋላ ካሉት በሁለቱ ላይ በየተራ ሰካሁት፤ ለውጥ አልነበረም። ቀጥሎ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሙን ዘግቼ በእንግሊዝኛ ብቻ ስጽፍ እነዚያው ፊደላት በዚያው ሁኔታ ተዘለሉ፣ ተደገሙም። በኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ ፈጣን ወይም ተደጋጋሚ ጭነትን የሚያጣራው አገልግሎት አለመብራቱን አየሁ፤ የኪቦርዱን ድራይቨር አራግፌ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁ። `osk` የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቼ በስክሪን ላይ የሚታየውን ኪቦርድ ከፍቼ ስከታተልም፣ «A» በሚዘለልበት ጊዜ በስክሪኑ ላይ ያለው ቁልፍ ጭራሽ አይበራም፤ ይህም ጭነቱ መጀመሪያውኑ ወደ ኮምፒውተሩ እንዳልደረሰ ያሳያል።

ከሁሉም በላይ ነገሩን የለየልኝ የመጨረሻው ሙከራ ነው። ኪቦርዱን ወደ ጎረቤቴ ቢሮ ወስጄ፣ የእኔ ፕሮግራሞች አንዳቸውም ባልተጫኑበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው እክሉ አብሮት ሄደ፤ የቀድሞውን አሮጌ ኪቦርዴን በእኔው ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ግን አንድም ፊደል አልዘለለም፣ አልደገመምም። እንግዲህ ኮምፒውተሩም ፕሮግራሙም ንጹሕ ናቸው ማለት ነው።

እኔ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን በሜካኒካል ቁልፍ ውስጥ ሁለት የብረት ንክኪዎች ሲገናኙ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች እንደሚንቀጠቀጡ፣ ጤነኛ ኪቦርድም ይህንን ንቅጥቅጥ አጣርቶ እንደ አንድ ጭነት እንደሚቆጥረው አውቃለሁ። ንክኪው ከተበላሸ ንቅጥቅጡ ከሚጣራው ጊዜ በላይ ይቆይና አንዱ ጭነት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ ጨርሶ ሳይነካካ ሲቀር ደግሞ ጭነቱ ይጠፋል። «M» የመጀመሪያው፣ «A» የሁለተኛው ምሳሌ ይመስሉኛል። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች በዚህ መልክ መበላሸታቸው ከአያያዝ ይልቅ ከፋብሪካ የመጣ ጉድለት መሆኑን ያመለክታል ብዬ አምናለሁ፤ ባለሙያችሁ ከፍቶ ቢያየው የተሻለ ይናገራል።

የዋስትና ካርዱ ፈሳሽ የፈሰሰበትን፣ የወደቀንና በገዢው የተከፈተን ዕቃ ከዋስትና ውጭ እንደሚያደርግ አንብቤአለሁ። ከሦስቱ አንዱም በዚህ ዕቃ ላይ አልደረሰም። ኪቦርዱ ከጠረጴዛዬ የተነሳው ለሙከራው ወደ ጎረቤት በወሰድኩት ዕለት ብቻ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ መጠጥ አላስቀምጥም፤ በጀርባው ያለው «ከተቀደደ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚለው ተለጣፊ ከነሙሉነቱ አለ። የቁልፎቹን ክዳን እንኳ ነቅዬ አላየሁም፤ ይህንንም ያላደረግሁት ባለማወቅ ሳይሆን፣ ኋላ «አንተ ነህ የነካካኸው» የሚል ንግግር እንዳይነሳ በማሰብ ነው።

ጥቅምት 16 ቀን ወደ መደብራችሁ ስልክ ደውዬ ያነጋገርኩት ሠራተኛ በትሕትና ቢያስተናግደኝም፣ በመጀመሪያ አቧራ ገብቶበት እንደሚሆን ገምቶ በአየር እንዳስነፋው፣ ካልሆነም ወደ አምራቹ የጥገና ማዕከል እንድልከው ነገረኝ። በሁለቱም ሐሳብ አልተስማማሁም። በሁለት ሳምንት ውስጥ በአቧራ የሚቆም አዲስ ኪቦርድ፣ አቧራው እውነት ቢሆን እንኳ፣ ጤነኛ ዕቃ ነው ለማለት ያስቸግራል። ወደ አምራቹ ስለመላክ የተባለውም ከራሳችሁ ካርድ ጋር አይገጥምም፤ በካርዱ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ «በ30 ቀናት ውስጥ የፋብሪካ ጉድለት የታየበት ዕቃ በሻጩ በአዲስ ይተካል፤ ከ30 ቀናት በኋላ እስከ 12 ወር ድረስ በነጻ ይጠገናል» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ዛሬ 14ኛው ቀን በመሆኑ እኔ ያለሁት በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኛው ይህን የተናገረው ካርዱን ሳያይ ከልማድ ይመስለኛልና በእሱ ላይ ቅሬታ አላቀርብም፤ ነገር ግን መልሱ የመደብሩ አቋም ከሆነ በጽሑፍ ሊሰጠኝ ይገባል።

ስለዚህ ኪቦርዱ በተመሳሳይ ሞዴል፣ ባልተከፈተ ማሸጊያ ባለ አዲስ ዕቃ እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ። ያው ሞዴል ካለቀ፣ በማብሪያ ማጥፊያው ዓይነትም ሆነ በጥራቱ ከዚህ የማያንስ ሌላ ኪቦርድ እቀበላለሁ፤ ተጨማሪ ክፍያ ግን የምከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱም የማይቻል ከሆነ የከፈልኩት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለስልኝ። ተጠግኖ የተመለሰ ወይም ሌላ ደንበኛ የመለሰውን ዕቃ በምትክ እንዳይሰጠኝ ከወዲሁ እጠይቃለሁ። የሚተካው ዕቃ የዋስትና ጊዜም ከተተካበት ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር በደረሰኙ ጀርባ ወይም በአዲስ ካርድ ላይ በማኅተም ይረጋገጥልኝ፤ ካርዱ በዚህ ነጥብ ላይ ዝም ስለሚል ኋላ ለክርክር በር እንዳይከፍት ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የደረሰኙንና የዋስትና ካርዱን ቅጂ፣ የመለያ ቁጥሩና ያልተቀደደው ተለጣፊ በጉልህ የሚታዩበትን ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም የመቶ ጭነቱንና በጎረቤቴ ኮምፒውተር ላይ የተደረገውን ሙከራ የሚያሳዩ ሁለት አጫጭር ቪዲዮዎች የያዘ ፍላሽ አያይዣለሁ። ፍላሹን ካያችሁት በኋላ እንድትመልሱልኝ እለምናለሁ። ዋናውን ደረሰኝ ግን ዕቃው በሚቀየርበት ዕለት በአካል ይዤ እቀርባለሁ እንጂ አስቀድሜ አልሰጥም።

ኪቦርዱ ከነማሸጊያ ሣጥኑ፣ ከነገመድ ማሰሪያውና አብሮት ከመጣው የቁልፍ መንቀያ ጋር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን ወደ መደብሩ ይዤ መምጣት እችላለሁ፤ ባለሙያችሁ እፊቴ ሰክቶ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። እስከዚያው ፊደሎቹ በጣቴ ተፍቀው ባለቁበት በአሮጌው ኪቦርድ እየሠራሁ ስለሆነ፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ጀምሮ ባሉት አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ የምመጣበትን ቀን በደረሰኙ ላይ ባለው ስልኬ እንድታሳውቁኝ፣ ጥያቄዬን የማትቀበሉ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

በደረሰኝ ቁጥር 004718 የተመዘገብኩ ደንበኛችሁ