ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ወደ ካናዳ እንዲላክልኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
የትራንስክሪፕትና ሰነድ ማረጋገጫ ክፍል

ጉዳዩ፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በቀጥታ ወደ ውጭ አገር እንዲላክልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ እኔ ኅሊና ፀጋዬ መኮንን በመታወቂያ ቁጥር ሲም/0417/03 ተመዝግቤ በመደበኛው መርሐ ግብር ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በሲቪል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪዬን ተከታትዬ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ተመርቄአለሁ። አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በካናዳ በማመልከት ላይ ስለሆንኩ፣ የትምህርት ማስረጃዬን የሚገመግመው ቶሮንቶ የሚገኘው ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴ ከጽሕፈት ቤታችሁ በቀጥታ እንዲደርሰው ጠይቆኛል።

የማመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ መቀበል የሚያቆመው ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2026) ነው። ድርጅቱ ግምገማውን የሚጀምረው ግን ሰነዱ ደርሶት ከተቀበለው በኋላ ስለሆነ፣ ትራንስክሪፕቱ እስከ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 2025) ቶሮንቶ እንዲደርስ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የፖስታው የመንገድ ጊዜ ታስቦም እስከ ጥቅምት 30 ከጽሕፈት ቤታችሁ ቢወጣልኝ ትልቅ ትብብር ነው። የዩኒቨርሲቲው የማመልከቻ ቀነ ገደብ ካለፈ የዘንድሮው ቅበላ ያመልጠኛል፤ ቀጣዩን ለማግኘት ደግሞ ዓመት መጠበቅ ይኖርብኛል።

በተለይ በፖስታው አስተሻሸግ ላይ ጥንቃቄ እንዲደረግልኝ አደራ እላለሁ። ትራንስክሪፕቱ የሬጅስትራሩ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት፣ ከጀርባው ያለው የውጤት አሰጣጥ መግለጫም አብሮ የሚታይ እንዲሆን፤ ፖስታው ከታሸገ በኋላ ክዳኑ በሚገጥምበት መስመር ላይ ግማሹ በክዳኑ፣ ግማሹ በፖስታው እንዲያርፍ ተደርጎ ማኅተም እንዲመታበት እጠይቃለሁ። በፖስታው ላይ የማመልከቻዬ መለያ ቁጥር 6148207 እና ስሜ በፓስፖርቴ ላይ በሰፈረው ፊደል Hilina Tsegaye Mekonnen ተብሎ ይጻፍልኝ። ቁጥሩ ከሌለ ሰነዱ ደርሶም ከፋይሌ ጋር ላይገናኝ ይችላል።

እኔ በአሁኑ ጊዜ ከአገር ውጭ ስለምገኝ ጉዳዩን የሚከታተልልኝ ወንድሜ ነው፤ ሕጋዊ ውክልናውን አያይዣለሁ። ሆኖም በአመልካች ወይም በወኪል እጅ ያለፈ ፖስታ ተቀባይነት ስለሌለው፣ የታሸገው ፖስታ ለእሱ ሳይሰጥ ከእናንተው በቀጥታ ለፈጣን መልእክት አድራሹ እንዲተላለፍልኝ እጠይቃለሁ። የማጓጓዣው ሒሳብ አስቀድሞ ተከፍሏል። ወንድሜ የሚፈልገው ፖስታው መውጣቱን የሚያሳየውን የመከታተያ ቁጥር ብቻ ነው።

ክሊራንሴን ያጠናቀቅሁ ሲሆን የአገልግሎት ክፍያውንም ፈጽሜአለሁ። በፋይሌ ላይ የጎደለ ነገር ካለ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ እንዳሟላ በማመልከቻ ቅጹ ላይ በሞላሁት ስልክ ወይም ኢሜይል እንዲነገረኝ እየጠየቅሁ፣ ለሚደረግልኝ ትብብር ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ከሠላምታ ጋር
ኅሊና ፀጋዬ መኮንን
(ፊርማ)

አባሪ፦ የተሞላ የማመልከቻ ቅጽ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የክሊራንስ ቅጂ፣ የዲግሪና የፓስፖርት ቅጂ፣ የውክልና ሰነድ፣ የተቀባዩ ሙሉ አድራሻ የታተመበት ገጽ፣ የተከፈለበት የማጓጓዣ ሰነድ