ሰኔና ሰኞ
(ሰኞ ጠዋት ከፈተና በፊት የሚነበብ)

እህቴ፣ ይቺን ጸሎት ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስትገቢ እንድታነቢያት ነው በእጄ የጻፍኩልሽ፤ ስልክሽን ቤት ጥለሽ ስለምትሄጂ። ማታ ትራስሽ ሥር አድርጊያት፣ ጠዋት ተነሥተሽ ቀስ ብለሽ አንብቢያት፣ ከዚያ እዚያው አልጋሽ ላይ ተያት። አደራ፣ ኪስሽ ውስጥ ረስተሻት አዳራሽ እንዳትገቢ፤ ለፈታኝ ወረቀት ወረቀት ነው፣ ጸሎት ነው ብትዪው አይሰማሽም።

ጎረቤቶች ቡና ላይ «ሰኔና ሰኞ ገጠመባት» ሲሉ ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ። በነገራችን ላይ ክፉ ነው የሚባለው ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ሲውል ነው፤ የእናንተ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ስለሆነ አይቆጠርም። ቢቆጠርም መልሱን ግጥሙ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ስለ ሒሳቡ የጻፍኩትን እማዬ እንዳታይብሽ። አብሽሪ።

ታላቅ እህትሽ፣ ከደሴ

—

አምላኬ ተነሣሁ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ከማላውቀው ግቢ፣ ከማላውቀው አልጋ፤
ሌሊቱ ይሞቃል፣ ደሴን አይመስልም፣
በመስኮት ባማትር፣ ጦሳን አላይም።

ትናንት በሐረጎ፣ ቁልቁል ስንጠመዘዝ፣
አንዷ ቀመር ስትደግም፣ አንዱ ሲተክዝ፣
እኔ ግን ዝም ብዬ፣ መስኮት ተደግፌ፣
የእናቴን ድምፅ ነበር፣ የያዝኩት አቅፌ።

አያቴ ስትሸኘኝ፣ እንዲህ ነው ያለችኝ፣
ደጃፍ ላይ አቁማ፣ ስትመርቀኝ፦
«እንደ ቦርከና ፍሰሽ፣ ድንጋይ አይገድብሽ፣
ያጠናሽው ሁሉ፣ ከእጅሽ አይጥፋብሽ።»
እትፍ እትፍ አለችኝ፣ መዳፌን ይዛ፣
አንተ ብቻ አሜን በል፣ ቃሏ አይቅር በዋዛ።

«ሰኔና ሰኞ ነው» ሲሉ ጎረቤቶች፣
«ምን ዓይነት ቀን መረጡ፣ እነዚህ ሰዎች?»
እኔም ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽህም ጌታ፣
ሆዴ ባር ባር ብሎ፣ ስገላበጥ ማታ።
ኋላ ግን አሰብኩት፤ ሰኞ ማነው ለእኔ?
ምን በደለኝ ሰኞ? ምን ነጠቀኝ ሰኔ?

ሰኞ ገበያ አይደል፣ እናቴ የምትውል፣
ጉልቷን ዘርግታ፣ በፀሐይ በጠል፤
በርበሬውን ሰፍራ፣ ሽንኩርቱን መድባ፣
ማታ ደክሟት ስትመጣ፣ ሳንቲም ቋጥራ ስትገባ፣
ከመቀነቷ ጫፍ፣ ፈትታ ያንን ብር፣
ለደብተር፣ ለእስክሪብቶ፣ ለቱቶሪያል ስትቆጥር።
ሰኞ ነው ያበላኝ፣ ሰኞ ነው ያስተማረኝ፣
በምን በደሌ ነው፣ ዛሬ የሚያማርረኝ?

እና አንተን የምለው፣ ብዙ አይደለም ጌታ፣
የማላውቀውን ንገረኝ፣ አልልህም ለአፍታ፤
ያላነበብኩትን፣ ከሰማይ አታውርድ፣
ያነበብኩት ብቻ፣ ጥሎኝ አይሂድ።
ያ መብራት የጠፋ ለት፣ በሻማ ያጠናሁት፣
ሰሙ ገጹ ላይ ፈሶ፣ በጥፍሬ የፋቅሁት፣
ያ የኒውተን ሕግ፣ ያ የሞል ስሌት፣
ያ የሚቶሲስ ሥዕል፣ ሰባቴ የሳልኩት፣
በሩ ላይ ይጠብቀኝ፣ በወግ ተሰልፎ፣
እንደ ጦሳ ጉም አይጥፋ፣ ሽው ብሎ አልፎ።

እንግሊዝኛው ምንባብ፣ ገጹ ሲረዝምብኝ፣
መጨረሻው ስደርስ፣ መነሻው ሲጠፋብኝ፣
እያዘገምኩ ላንብብ፣ ልቤን አታጣድፍብኝ፣
ሰዓቱን ሳይ እጄ፣ አይንቀጥቀጥብኝ።

ስለ ሒሳቡማ፣ እኔና አንተ እናውቃለን፣
የሞዴሉን ውጤት፣ ለእማዬ ደብቀን፤
ዛሬ ግን ለመምህሬ፣ ለድካሙ ስትል፣
ቅዳሜን በነፃ፣ ጠመኔ ለብሶ ለሚውል፣
ያን ሊሚት ያን ዴሪቫቲቭ፣ መንገዱን አብራልኝ፣
ግማሹን እኔ ልሥራ፣ ግማሹን አንተ እይልኝ።

አንድ ጥያቄ ዘልዬ፣ ረድፉ እንዳይዛባብኝ፣
ስሜና መለያ ቁጥሬ፣ ማጥቆሩ እንዳይረሳኝ፣
ላጲሱ ወረቀቱን፣ እንዳይቀድብኝ።
(ይሄ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን አስብልኝ።)

ታስታውሳለህ ጌታ፣ በ2014 ጥቅምት መጨረሻ፣
ከተማው ሲሰደድ፣ ጠፍቶት መድረሻ፣
ደብተሬን አዝዬ፣ በእግሬ የወጣሁ ለት፣
«ትምህርት አለቀ» ብዬ፣ ያለቀስኩት ሌሊት።
ተመልሰን ስንገባ፣ ዴስኩ ተሰባብሮ፣
መስኮቱ ረግፎ፣ መጽሐፉ ተመዝብሮ፣
መሬት ተቀምጠን፣ እንደገና ጀመርን፣
መች ጠፋኝ ውለታህ፣ እዚህ ማድረስህን።

«መልስ ወጥቷል» ቢሉኝ፣ በሹክሹክታ መጥተው፣
ጆሮዬን ድፈነው፣ ዓይኔንም ጠብቀው።
የሰው መልስ አጥቁሬ፣ እማዬን ከማይ፣
የራሴን ስቼ ልምጣ፣ ግንባሬ ይታይ።

ከታች ያለችው ልጅ፣ ሱብሒ ሰግዳ ጨርሳ፣
ዱዓ አደረገች፣ ፊቷን በእጇ ዳብሳ።
«ለአንቺም ለመንኩልሽ» አለችኝ በሹክሹክታ፣
እኔም ስሟን ጠራሁ፣ እዚህ ጋ ጌታ።
ወሎ እንዲህ ነው ያሳደገን፣ ዱዓና ጸሎቱን፣
በአንድ ረከቦት ቀድቶ፣ አቦልና ቶናውን።
እሷ ፊዚክስ ትፈራለች፣ እኔ ሒሳቡን፣
አንተ ታውቀዋለህ፣ የማን የማን መሆኑን።

ከመቶ ሃምሳው ይሙላ፣ ከቻልክም ጨምርበት፣
ያቺን የልቤን ትምህርት፣ እንድደርስበት።
ባይሞላ ግን ጌታ፣ ይህን እሺ በለኝ፤
እማዬ ስትሰማ፣ አንተ ቅደምልኝ፤
ጉልቷ ላይ እንዳለች፣ ወሬው ሳይደርሳት በፊት፣
«ልጅሽ አልተኛችም» በላት፣ ያን ሁሉ ሌሊት።

አሁን ተጠራን ጌታ። እርሳሴን ቀርጫለሁ፣
አድሚሽን ካርዴንም፣ ላጲሴንም ይዣለሁ።
እዚያ ላይ ደሴ ደግሞ፣ ሰኞ ብሏል አሁን፣
እማዬም ትፈታለች፣ የሽንኩርት ጆንያዋን፤
እሷ ጉልቷን ስትዘረጋ፣ እኔም ወረቀቴን።

አሜን።